ቢግ-ኦ «የከፋው ጊዜ» ማለት አይደለም

«ቢግ-ኦ የከፋው ጊዜ፣ ኦሜጋ የተሻለው፣ ቴታ ደግሞ አማካዩ ነው። ተሳሳትኩ?»

አዎ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ተሸውደሃል። ብቻህን ግን አይደለህም፤ እኔም አራት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ እንደዚሁ ሸምድጄው ነበር።

ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ፈንክሽን ዕድገት ነው። የከፋው ጊዜ አንድ ፈንክሽን ነው፣ የተሻለው ጊዜም ሌላ። ለሁለቱም ጣሪያ (O) እና ወለል (Ω) ማውጣት ይቻላል፤ ጣሪያውና ወለሉ አንድ ዓይነት ሲሆኑ Θ እንላለን።

ዝርዝር በቅደም ተከተል የሚደረድረውን ኢንሰርሽን ሶርትን እንይ። n ቁጥሮች ያሉት ዝርዝር የተገላቢጦሽ ተደርድሮ ሲመጣ የንጽጽሩ ብዛት f(n) = n(n-1)/2 ነው። የከፋው ጊዜ ይሄ ነው።

ጣሪያው ቀላል ነው፤ ከአንድ n₀ ጀምሮ f(n) ከ c·n² የማይበልጥበትን ቋሚ ቁጥር c ማግኘት ነው፦ n(n-1)/2 ≤ n²/2 ስለሆነ c = 1/2፣ n₀ = 1 ይበቃል። ስለዚህ O(n²)።

ወለሉ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚንሸራተተው፤ እዚህ ደግሞ ከ n₀ ጀምሮ f(n) ከ c·n² እንዳያንስ ነው የምንፈልገው። c = 1/2 እዚህ አይሠራም፣ ምክንያቱም -n/2 የሚባለው ቅናሽ ሁሌም ከ n²/2 በታች ያወርደዋል። ትንሽ ቦታ ልቀቅለት፤ c = 1/4 አድርግ። n ≥ 2 ከሆነ n-1 ≥ n/2 ነው፣ ስለዚህ f(n) ≥ n²/4። n = 1 ላይ ግን 0 ≥ 1/4 ይሆናል፣ ውሸት! n₀ = 2 የምንለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ የከፋው ጊዜ ራሱ Ω(n²) ሆነ፣ ከሁለቱ ደግሞ Θ(n²)። አማካይ የሚባል ነገር የትም አልገባም።

በነገራችን ላይ f(n) = O(n³) ብትልም ልክ ነህ። ከአራት ኪሎ ፒያሳ የታክሲ ሒሳብ «ከሺህ ብር አይበልጥም» እንደማለት ነው፤ እውነት ነው፣ ግን ማንን ይጠቅማል?