ማስተካከያ፦ ዋሽንት ሲነፋ ሆድ የሚሠራው መቼ ነው?

«ድያፍራማችሁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየገፋችሁ ንፉ፤ ሆዳችሁን አጥብቁ።» (ለባሕር ዳር ጀማሪ ዋሽንት ነፊዎች ከተሰጠው ጽሑፍ)

ይህ ምክር በሚከተለው ይተካ። ድያፍራም አየር የማስገቢያ ጡንቻ ነው፤ ሲኮማተር ወደ ታች ይወርዳል እንጂ አየር አያስወጣም። ሳንባ በደንብ ሲሞላ ደግሞ እንደ ተለጠጠ ላስቲክ በራሱ ሊሰበሰብ ይታገላል፤ ይህ ግፊት ብቻውን ዋሽንት ከሚፈልገው ይበልጣል። ስለዚህ በሐረጉ መጀመሪያ ሥራው መግፋት ሳይሆን መያዝ ነው። በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት የውጭ ጡንቻዎች ደረት ቶሎ እንዳይወድቅ ያዘገዩታል። አየሩ ሲቀንስ የሳንባው ግፊት ይደክማል፤ ያኔ የውስጥ የጎድን ጡንቻዎችና ሆድ ቀስ በቀስ ይረከባሉ።

በትዝታ ቅኝት አንድ ረጅም ድምፅ እንውሰድ። ነፊው ገና ሲጀምር ሆዱን ካጠበቀ ድምፁ ይሾላል፣ አንዳንዴም ወደ ላይኛው ኦክታቭ ይዘላል። አየሩ ቀድሞ ስለሚያልቅም መጨረሻው ይወርዳል። መዳፍን ታችኛው ጎድን ላይ አድርጎ «ስስስ» እያሉ ቀስ ብሎ ማስወጣት ልዩነቱን ያሳያል፦ ጎድኑ ወዲያው ከተሰበሰበ መያዝ የለም፤ ሰፍቶ ቆይቶ ቀስ እያለ ከገባ ትክክል ነው። ጣና ዳር የምትለማመዱ ለነፋሱ ጀርባችሁን ስጡ፤ ከንፈር ላይ የሚሻገር ነፋስ ድምፁን ስለሚበትነው የትንፋሹ ጉድለት አይለይም።

ዘፋኞችም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሠራሉ። ትንሽ አየር ብቻ ተስቦ ከተጀመረ ግን የመያዣው ጊዜ ያጥራል፣ ሆድም ቀድሞ ይገባል።