ሐኪም ያጣውን ምክንያት ጎረቤት ሲያገኘው

ታናሽ እህቴ ልጇን የወለደችው በሠላሳ ሰባተኛው ሳምንት ነው። በዋዜማው «መንቀሳቀስ አቆመብኝ» ብላ ወደ ሆስፒታል ሄድን። ባለሙያዋ የአልትራሳውንድ መሣሪያውን ሆዷ ላይ እያመላለሰች ቆየችና ዝም አለች፤ ከዚያም ሐኪም ተጠራ። ልቡ አይመታም። ቢሆንም ማማጥ አልቀረላትም፤ አሥራ አራት ሰዓት አማጠች። ወንድ ነበር።

ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ቤታችን የገቡት ቃላት እስከ ዛሬ ስላልወጡልኝ ነው።

መጀመሪያ የደረሰው ከሥራ ቦታዋ የተላከ ካርድ ነበር። ነጭ አበባ፣ የአሥራ አንድ ሰው ፊርማ፣ ከመካከሉ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፦ «ሁሉም ነገር የሚሆነው በምክንያት ነው።» እህቴ አነበበችውና ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ታዲያ ምክንያቱን ለምን አልጻፉልኝም?» አለች። አሜሪካኖች ይህችን ዐረፍተ ነገር ለሁሉም ያውሏታል፤ ከሥራ ለተባረረው፣ አውሮፕላን ላመለጠው፣ ልጁን ለቀበረው። (የእኔው መሥሪያ ቤት ደግሞ ለሐዘን የሚሰጠው ሦስት ቀን ነው፤ የእህት ልጅ ግን በዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ ሦስቱንም ከዓመት ፈቃዴ ቆረጡት። ይህን ሌላ ቀን እናወራዋለን፤ ንዴቴ ገና አልበረደም።) ካርዱን አይቼ በልቤ «እኛ እንኳ ለቅሶ እናውቃለን» ብዬ ተመጻደቅሁ። መመጻደቄ የቆየው የእኛ ሰዎች እስኪመጡ ድረስ ነው።

«ለበጎ ነው፣ እናቴ።» «እሱ ሳያውቅ አያደርገውም።» «እንኳን አንቺ ተረፍሽ።» «ሳትለምጂው መሆኑ ይሻላል።» «ልጅ ነሽ፣ ገና ትወልጃለሽ።» ያው ካርድ ነው፤ ነጠላ ለብሶ በአማርኛ መጣ።

«ትወልጃለሽ» የተባለችው በሦስተኛው ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ወተት ይመጣል። ጡት ሕፃኑ መሞቱን አያውቅም፤ የእንግዴ ልጁ ከወጣ ሰውነት የራሱን ሥራ ይቀጥላል። እህቴ ፎጣ አጣጥፋ ከቀሚሷ ሥር ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ክንዶቿን እንዳይነኳት ራቅ አድርጋ ተቀምጣለች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ስታቅፋትና ስለሚቀጥለው ልጅ ስትነግራት ፎጣው ረጥቦ ነበር።

ስለ ምክንያት ካነሣን፦ በአሜሪካ ከ20 ሳምንት እርግዝና በኋላ ሞተው የሚወለዱ ሕፃናት በየዓመቱ ወደ 21,000 ይጠጋሉ። ከእነዚህም የብዙዎቹ ምክንያት ተመርምሮም ሳይታወቅ ይቀራል። የእህቴ ሐኪሞች የእንግዴ ልጁን ወደ ላቦራቶሪ ላኩ፤ እትብቱ ተጠምጥሞ ወይም ተቋጥሮ እንደሆነ አዩ፤ ከእሷም ደም ወሰዱ። ከሳምንታት በኋላ ሐኪሙ አስቀምጧት «ያገኘነው ነገር የለም» አላት። ሐኪም በማይክሮስኮፕ ያጣውን ጎረቤት ጫማውን ሳያወልቅ በራፍ ላይ አገኘው።

ተናጋሪው ይህን ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቃሉ ግን እዚያው ያድራል። «ምክንያት አለው» የተባለች እናት ሌሊት ምክንያቱን መፈለግ ትጀምራለች፤ የምትፈልገውም ሌላ ቦታ አይደለም፣ ራሷ ላይ ነው። እህቴ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀስቅሳኝ «ያን ቅዳሜ የሩዙን ከረጢት ከመኪና ያወረድሁት እኔ ነኝ አይደል?» ብላኛለች። በሌላው ሌሊት ተራው የቡናው ነበር፤ ሦስተኛውን ስኒ መጠጣት አልነበረባትም።

እምነት እንደሌለው ሰው እንዳታዩኝ። «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» ያለው ኢዮብ ነው፤ አሥር ልጆች የሞቱበት ሐዘንተኛው ራሱ። ሦስቱ ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይተነፍሱ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ ደህና ለቅሶ ደራሾች ነበሩ። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው ለምን እንደሆነ ማስረዳት ሲጀምሩ ነው፤ በመጨረሻም የአምላክ ቁጣ የወረደው በእነሱ ላይ ነው። ያንኑ የኢዮብን ቃል እህቴ ራሷ ብትለው እኔም አሜን እላለሁ። ሌላው ሰው ቀድሞ ከአፏ ሲነጥቃት ግን ማልቀስ እንዳይገባት የተፈረደባት ይመስላታል።

የሚያናድደኝ ቋንቋችን መልካሙን ቃል አለማጣቱ ነው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ምን እንደሚል ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ምኞት ነው። ስለ ሞቱ አንዳች ነገር አያስረዳም፤ «እኔ አውቃለሁ» አይልም። «ነፍስ ይማር»ም እንደዚሁ። አያቶቻችን ይህን ብለው ቁጭ ይላሉ፣ ንፍሮ ይቆረጥማሉ፣ ዝም ይላሉ። እኛን ግን ዝምታው ያስጨንቀናል መሰለኝ፤ «ያጽናሽ» ብለን ሳንጨርስ «እንኳን» ወይም «ቢያንስ» ይከተላል። እኔ አሁን ከሁለቱ አንዱ ምላሴ ላይ ሲመጣ ያለ ስኳርም ቢሆን ቡናዬን እጎነጫለሁ።

ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ያስቀናኝ ነገር ነበር። የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ሕፃኑን በሞቀ ውኃ አጠበችው፤ በጎ ፈቃደኞች የሠሩትን ትንሽ የሹራብ ቆብ አደረገችለት፤ እግሩን ቀለም አስነክታ ወረቀት ላይ አተመችው። ከዚያ «ስሙ ማን ነው?» አለች። እህቴ ቀና አለች። ከነገረቻት በኋላ ነርሷ አንድ ጊዜም «ሕፃኑ» አላለችም፤ በስሙ ጠራችው። በእኛ ሰፈር ክርስትና ላልተነሣ ሕፃን ድንኳን አይተከልም፣ የእድር ጡሩምባ አይነፋም፤ እናቲቱም ቶሎ እንድትረሳ ነው የሚፈለገው። ቤታችን ከመጡት ወደ ሠላሳ ከሚሆኑ እንግዶች ስሙን የጠየቁት ሁለት ናቸው።

አንደኛዋ የቤተ ክርስቲያናችን ሴት ናቸው፣ ስልሳን ያለፉ። ሶፋ ሲሰጣቸው እምቢ ብለው እህቴ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። «ምን እንደምልሽ አላውቅም፣ የኔ ልጅ። መጥቻለሁ» አሉ። ብዙ ቆይተው፣ ስሙንም ሰምተው «ማንን ይመስል ነበር?» ብለው ጠየቋት። አፍንጫው የአባቱ፣ ጣቶቹ ረጃጅም፣ ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፤ እህቴ ከወለደች ወዲህ ያን ያህል ስታወራ አልሰማሁም። አለቀሰችም፤ ማንም «በቃሽ» አላላትም። ሲሄዱ እንደ ሌላው «የምትፈልጊው ነገር ካለ ደውዪ» አላሉም። ሐዘንተኛ አስቦ፣ መርጦ፣ ደውሎ እስኪለምን የሚጠብቅ ግብዣ ነው እሱ። እሳቸው «ማክሰኞ እንጀራና ሽሮ በር ላይ አስቀምጣለሁ፤ ደወል አልነካም» አሉ። ማክሰኞ በሩን ስከፍት ድስቱ በፎጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

አርባው ሲደርስ የሚመጣ ሰው አልነበረም። የተወለደበትና የሞተበት የምንቆጥረው አንድ ቀን ስለሆነ፣ አርባው የሞቱም የክርስትናውም አርባ ነበር። እህቴ ከሌሊት ጀምሮ ነቅታለች፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ማለዳ ስልኳ ጮኸ። የእሳቸው መልእክት ነው፦ «ዛሬ አርባው ነው። ስሙን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄድሁ ነው። መልስ አትጻፊ።»

እሷ ግን ጻፈችላቸው። «ልምጣ?» አለቻቸው።