ቀብዱ ይመለስ ወይስ አይመለስ?

«ፍኖተ ሰላም ላይ የሐበሻ ቀሚስ አሰፋለሁ። አንዲት ደንበኛ ለጥር ሰርግ 4,000 ብር ሰጥታኝ፣ ለሸማኔ 3,200 ከፍዬ፣ ጨርቁ በልኳ ተቆርጧል። አሁን ቤታቸው ሐዘን ገብቶ ሰርጉ ተላለፈና ብሬን በሙሉ መልሺ ትላለች። ግድግዳዬ ላይ ቀብድ አይመለስም ብዬ ለጥፌያለሁ፤ ደረሰኙ ግን ቅድሚያ ክፍያ ይላል። ምን ብዬ ልጻፍላት?»

የደብረ ማርቆሷ ልብስ ሰፊ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አጽናኛት፣ ወዲያው ደግሞ ቁርጡን ንገሪያት። እኔ አንድ ጊዜ «እስቲ እናያለን» ብዬ ደንበኛዬ እሺ እንዳልኩ ቆጥራው፣ በሳምንቱ ብሯን ልትቀበል ወንድሟን ይዛ መጣች። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ብሩን መመለስ አልችልም፤ 3,200ው ለሸማኔ ተከፍሏል፣ ጨርቁም በልክሽ ተቆርጧል። የምችለው ግን አለ። ስፌቱን አቁሜ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ በዚሁ ዋጋ ላቆይልሽ፤ ወይም ሰፍቼ ሱቅ ልስቀለውና ከተሸጠ ብርሽን ልስጥሽ፣ በቅናሽ ከሄደ የጎደለው ከብርሽ ይነሣል። እስከ ዓርብ አሳውቂኝ።» መቼ እንደሚሸጥ ግን ቀን እንዳትቆርጪላት። በሷ ልክ የተቆረጠ ስለሆነ የሚሆናት ሰው እስኪመጣ ይቆያል።

የባሕር ዳሩ ጫማ ነጋዴ፦ ሐዘን ላይ ላለ ሰው ይሄ ሁሉ? መልሺላትና ይለፍ። ሕጉም በ15 ቀን ውስጥ ገዢ ይመልሳል ይላል። እኔ ጫማ ጠበበኝ ላለኝ ሰው ብሩን መለስኩለት፣ በኋላ አራት ሰው ይዞልኝ መጣ።

ልብስ ሰፊዋ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ጫማ መደርደሪያው ላይ ተመልሶ ለሌላ ተሸጧል፣ የተቆረጠ ጨርቅ እንደዚያ አይሆንም። የ2006ቱ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 15 ቀን የሚለው ዕቃው ጉድለት ሲኖርበት ነው። ስፌቱ ተበላሽቶ ቢሆን እኔም መልሺ እላት ነበር። የቀብድ ነገር በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሚታየው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ የሰጠው ውሉን ሲተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ሲተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ እህቴ፣ በጽሑፍ እሺ ሳትልሽ ቀሚሱን ለሌላ እንዳትሸጪ፣ 8,000 ልትጠየቂ ትችያለሽ።

ጫማ ነጋዴው፦ እሺ፣ 15 ቀኑን ተሳስቻለሁ። ግን እጇ ላይ ያለው ወረቀት ቅድሚያ ክፍያ ነው የሚለው! ቀብድ አልሰጠሁም ብትልስ?

ልብስ ሰፊዋ፦ እሱ ላይ እውነት አለህ፣ ያከራክራል። ለዚህ ነው ገና ያልወጣውን 800 ብር ሦስተኛ አማራጭ አድርጋ ታቅርብላት የምለው፤ ጨርቁን ወስዳ ሌላ ቦታ ታሰፋው፣ 800ው ይመለስላት። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ደረሰኙ ራሱ ላይ «ቀብድ» ብለሽ ጻፊና አስፈርሚ።

ጫማ ነጋዴው፦ ደረሰኙ ላይ ተስማምተናል። 800 ብር ግን ለሐዘንተኛ የሚላክ ብር አይደለም። ፍኖተ ሰላም ትንሽ ከተማ ናት፣ ነገ ገበያ ላይ ይገናኛሉ። እኔ አሁንም ሙሉውን ትመልስላት ነው የምለው።

ልብስ ሰፊዋ፦ ሸማኔውስ 3,200ውን ይመልስላታል?