ሲም ቅየራ፦ ስልኩ ኪስህ ውስጥ እያለ

«ስልኬ ከእጄ ካልወጣ፣ ፒኔንም ለማንም ካልነገርኩ የሞባይል ባንኬን ማን ይነካዋል?»

እንደሱ አይደለም ወዳጄ። ሌባው የሚፈልገው ቀፎውን ሳይሆን ቁጥሩን ነው። በሐሰተኛ መታወቂያ «ሲሜ ጠፋብኝ» ብሎ ምትክ ያወጣል። አዲሱ ሲም ሥራ ሲጀምር ያንተው ይሞታል። በኤስኤምኤስ የሚላከው የባንክ ማረጋገጫ ኮድ ለእሱ ይደርሰዋል። የሂሳብ ቁጥርህንና የግል መረጃህን ቀድሞ ካገኘ፣ በዚያ ኮድ አዲስ ፒን ለማውጣት ይሞክራል።

ፒያሳ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነህ እንበል። ያንተ ኔትወርክ ጠፋ፤ አጠገብህ ያለው ሰው ግን በዚያው ኔትወርክ እያወራ ነው። ስልክህን አጥፍተህ አብራው። ካልመጣ በሰው ስልክ መጀመሪያ ባንክህ ጋ ደውለህ ሂሳቡን አሳግድ። ቀጥሎ ሲሙን፤ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ነው። ዋይፋይ እዚህ ላይ ያታልላል። ቴሌግራም ስለሚሠራ ሲሙ መሞቱን ሳታውቅ ታመሻለህ። የመታወቂያህን ፎቶም ለማታውቀው ሰው አትላክ፤ ሐሰተኛው መታወቂያ ከእሱ ሊሠራ ይችላል።