ውዳሴ ለባለ መፋቂያው

ጠዋት ጠዋት በቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆም ሁሉ ይህን ጀግና ያውቀዋልና እርሱን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ባለፈው ሰኞ ከፊቴ ቆሞ እንትፍ ያለው የወይራ ቃጫ ጫማዬ ላይ ባያርፍ ኖሮ ይህን ውዳሴ ለመጻፍ ባልተነሣሁም ነበር።

ይህ ሰው መፋቂያ የሚይዘው ጥርሱን ለማጽዳት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ እጅግ ተሳስቷል። በመፋቂያው ሰልፍ ያስከብራል፤ ሳይሠራ የቀረውን አስፋልት በመፋቂያው ጫፍ እየጠቆመ ስለ ከተማ ፕላን ያስተምራል። ስልክ ሲደወልለት መፋቂያው ወደ ጉንጩ ይዞራል እንጂ ከአፉ አይወጣም፤ ገና ሰልፍ ላይ ቆሞ ለአለቃው «መገናኛ ደርሻለሁ» ሲል ድምፁ በወይራው ተጣርቶ ስለሚወጣ ውሸቱ ሳይቀር የተፋቀ ይመስላል። ታክሲ ውስጥ ገብቶም አያርፍም፤ ረዳቱ ሒሳብ ሲለው በመፋቂያው ወደ ኋላ ወንበር ያመለክታል፣ መልስ ሲቆጥር በጥርሱ ነክሶ ይይዘዋል፣ «ወራጅ አለ» የሚለውም መፋቂያው አፉ ውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚታሹት ከክራንቻ እስከ ክራንቻ የተደረደሩት ስድስት የላይኛው የፊት ጥርሶች ብቻ ናቸው። መንጋጋዎቹ ስለ መፋቂያው የሚያውቁት በወሬ ነው።

አንዲት እናት «ልጄ፣ እባክህ ወደዚያ ዞረህ ትፋ» ቢሉት «እማማ፣ ይሄ እኮ ተፈጥሮ ነው፤ ፈረንጅ ራሱ በጥናት አረጋግጦታል» ሲል መለሰላቸው።

ሐቅ ነው፣ አረጋግጦለታል። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ፣ በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት መፋቂያ ጥርስ ላይ የሚጋገረውን ቆሻሻ በማስወገድ ከብሩሽ እንደማያንስ አሳይቷል። ጀግናችን የዘለላት ነገር ብትኖር እነዚያ ልጆች በጥርስ ንጽሕና ፕሮግራም የታቀፉ መሆናቸውን ነው። በሳውዲ አረቢያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አነስተኛ ጥናትም መፋቂያ ከብሩሽ እንኳ የተሻለ ውጤት ማስገኘቱን ጽፏል፤ ተሳታፊዎቹ ግን አስቀድሞ አጠቃቀሙን ተምረው ነበር። በአንጻሩ በምዕራብ አፍሪካ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመ ጥናት የመፋቂያ ተጠቃሚዎች ጥርስ ከባለ ብሩሾቹ ይልቅ ቆሻሻ የበዛበት፣ ድዳቸውም ይበልጥ የሚደማ ሆኖ ተገኝቷል።

ምክንያቱ ከእንጨቱ አሠራር ይጀምራል። የብሩሽ ፀጉር ከእጀታው ወደ ጎን ይቆማል፤ የመፋቂያ ቃጫ ግን እንጨቱ በተዘረጋበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ የፊት ጥርስን የውጭ ገጽ ያለ ችግር ሲያገኝ በምላስ በኩል ያለውን የመንጋጋ ገጽ የሚያገኘው በብዙ ድካም ነው። የግራውን መንጋጋ ውስጠኛ ገጽ ለመፋቅ አፍን በሰፊው ከፍቶ እንጨቱን ከቀኝ የአፍ ጥግ አሻግሮ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ይህን እያደረጉ ደግሞ ስለ ከተማ ፕላን ማስተማር አይቻልም። እንጨቱም እርጥብ መሆን፣ ልጣጩ ከጫፉ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል መነሣት፣ ቃጫው እስኪለሰልስ መታኘክ ይገባዋል፤ የተሠራበትም ጫፍ በየቀኑ ተቆርጦ ይጣላል። እጅ የሚሄደው ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ነው። እንደ ጀግናችን ወደ ጎን እየገዘገዘ የሚውል ሰው ድዱ ይሸሽና ጥርሱ የረዘመ ይመስለዋል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጣ ሥሩ ድረስ የሚሰቀጥጠውም ለዚሁ ነው።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቁም። ለራሱ የፈለገውን ይፋቅ፤ ነገር ግን ጎረቤቱን «ሳሙናው ኬሚካል ነው፣ ለልጅሽ እንጨት ይበቃታል» ብሎ የሚመክር ሰው ያናድደኛል። የጥርስ ሳሙና ጥርስን ከመቦርቦር የሚከላከለው በያዘው ፍሎራይድ ነው፤ ይህም በብዙ ጥናት የተረጋገጠ ሲሆን መፋቂያ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውኃ የሚጠጡ ልጆች ጉዳይ ለብቻው የሚታይ ነው፤ የቱሉ ዲምቱዋ ልጅ ግን በእርሱ ጥበብ ምክንያት ጉንጯ አብጦ ሌሊቱን ስታለቅስ የምታድረው ለምንድን ነው? እርሱ እንደሆነ የፊት ጥርሱን ከማብለጭለጭ ሌላ ኃላፊነት የለበትም።

ውዳሴውን ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት አድልዎ ነውና መፋቂያ ባየ ቁጥር «ኋላ ቀርነት» እያለ አፍንጫውን የሚነፋው ባለ ብሩሽም ድርሻውን ይውሰድ። የጥርስ ሐኪሞች ብሩሽ በሦስት ወይም በአራት ወር ይለወጥ፣ ፀጉሩ ከተንጋደደም ከዚያ በፊት ይጣል ይላሉ፤ የእርሱ ብሩሽ ፀጉር ግን እንደ አሮጌ መጥረጊያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከተበተነ ቆይቷል። ሁለት ደቂቃ የሚባለውንም ፊቱን እየታጠበ በመቅጽበት ይጨርሰዋል። ባለ መፋቂያው ቢያንስ ያረጀውን ጫፍ በምላጭ ሊቆርጠው ይችላል፤ ይኸኛው ብሩሹን የሚቀይረው ሲጠፋበት ብቻ ነው።