ፊትህን ደብቅ፣ እጅህን ግን አሳይ

«ጋሼ፣ ድምፁ የኔ ነው። ጽሑፉን እኔው ነኝ የጻፍኩት። ቪዲዮዎቹንም በነፃ ከሚሰጡ ድረ ገጾች ነው ያወረድኩት። ታዲያ ዩቲዩቦች ለምን ‹ሪዩዝድ ኮንቴንት›፣ ማለትም የሌላ ሰው ይዘት መልሶ መጠቀም ነው ብለው ገቢ ከለከሉኝ?»

ሁለት ነገር ስለቀላቀልክ ነው። ፔክስልስና ፒክሳቤይ የሚሰጡህ ፈቃድ ከቅጂ መብት ክስ ያድንሃል። ለማስታወቂያ ገቢ ብቁ መሆን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዩቲዩብ በመመሪያው ላይ በግልጽ ጽፎታል፦ ባለቤቱ ቢፈቅድልህም፣ አንድም የቅጂ መብት ክስ ባይቀርብብህም፣ የሌላ ሰው ምስል ላይ በቂ የራስህን ነገር ካልጨመርክ ቻናልህ ገቢ ላያገኝ ይችላል።

ጠያቂዬ ጎንደር ውስጥ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር ቤት የሚሠራ ልጅ ነው። ማታ ማታ የጎንደርን ታሪክ ይተርካል። ፊቱን አያሳይም፤ ዓይን አፋር ነው። ድምፁን የሚቀዳው ጋቢ ተከናንቦ ስለሆነ የክፍሉ ማስተጋባት አይሰማም። ድምፁ በእውነት ደስ ይላል።

አንዱን የስምንት ደቂቃ ቪዲዮ ከፈትንና ድምፁን ዘጋነው። ይሄን ሁሉም ቢሞክረው እላለሁ። ዐፄ ፋሲል በ1636 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጎንደርን ሲቆረቁሩ በሚተረክበት ቦታ ላይ ምን ቢታይ ጥሩ ነው? ጣሪያው በረዶ የለበሰ የአውሮፓ ግንብ! ቀጥሎ ፈረስ ጋላቢ፣ ቀጥሎ የወርቅ ሳንቲም፣ ቀጥሎ ደመና። ድምፅ ከሌለ ቪዲዮው ስለ ጎንደር ይሁን ስለ ስኮትላንድ አይታወቅም። ግንቡ ደግሞ ከልጁ ቤት የአሥር ደቂቃ እግር መንገድ ነው!

እኔ በዚህ ውሳኔ ቅር አልተሰኘሁም። ምስሉ ለትረካው ምንም ካልሠራ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ያንኑ በረዷማ ግንብ ሌላ ሺህ ቻናልም ለጥፎታል።

አንድ ክፍል አብረን አፈረስንና እንደገና ሠራን። ርዕሱ ከፋሲል ግቢ እስከ ፋሲል መዋኛ ያለው መንገድ ነው። መጀመሪያ ጉግል ኧርዝን ከፍቶ ስክሪኑን ኦቢኤስ በሚባለው የስክሪን መቅጃ ፕሮግራም ቀዳ። ግቢውን ከላይ አሳየ፣ በመለኪያው መስመር እየጎተተ ወደ መዋኛው ወረደ። ማውሱ የሚንቀሳቀሰው እሱ «እዚህ ጋ» ሲል ነው። ከታች የሚታየውን የጉግልና የምስል አቅራቢዎቹን ስም ግን ቆርጦ አውጥቶት ነበር። መለስነው፤ ያ ጽሑፍ እንዲታይ ግዴታ ነው።

ከዚያ በስልኩ ቀረጸ። እጁ ድንጋዩን ሲዳስስ፣ ጣቱ በድንጋዮቹ መሀል ያለውን ኖራ ሲያሳይ፣ ጥላው ደረጃው ላይ ሲወድቅ። ፊቱ የትም የለም። ከስቶክ፣ ማለትም ከድረ ገጽ ካወረዳቸው ቪዲዮዎች፣ ያስቀረነው አንድ ብቻ ነው፦ ኖራ ላይ ውሃ ሲፈስበት የሚያሳይ ስድስት ሰከንድ። እሱንም ቢሆን ዝም ብሎ አላሳለፈውም፤ «ጭሱን እዩት፣ ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው» እያለ አብራራበት። ስቶክ እንዲህ ሲሆን ማስረጃ ይሆናል።

አንድ ጥሩ ቪዲዮ ግን ቻናሉን አያድንም። ገምጋሚዎቹ የሚያዩት የቻናሉን ዋና ጭብጥ፣ ብዙ የታዩትን፣ አዲሶቹንና ረጅም ሰዓት የታዩትን ነው። የልጁ ብዙ የታየለት ቪዲዮ ደግሞ ያው ባለበረዶው ነው። በዚያ ላይ ሁሉም ቪዲዮዎቹ በአንድ ዓይነት አርባ ሰከንድ መግቢያ፣ በአንድ ዓይነት ሙዚቃ ይጀምራሉ። ይሄ ሌላ ጣጣ ነው። በአንድ ሻጋታ እየተጠፈጠፈ የሚወጣ ይዘት ድሮም አይፈቀድም ነበር። ዩቲዩብ በሐምሌ 2025 እንደ ፈረንጆች የደንቡን ስም «እውነተኛ ያልሆነ ይዘት» ወደሚል ቀየረው እንጂ አዲስ አላመጣውም።

ልጁ ይግባኝ ለማለት ቸኩሎ ነበር። ይግባኙ በ21 ቀን ውስጥ ይቀርባል፤ ከአምስት ደቂቃ ያነሰ፣ ሊንኩ ያለው ብቻ የሚያየው ቪዲዮ ሠርተህ ሥራህን እንዴት እንደምትሠራ ታሳያለህ። ከዚያ በፊት ደግሞ ከቻናሉ ምንም መሰረዝ የለብህም። ታዲያ ምን ሊያሳያቸው ነው? ፋይል ሲያወርድ? ይግባኝ የሚያዋጣው ሥራው የራሱ ሆኖ ሳለ በስህተት ለተከለከለ ሰው ነው። ስለዚህ ተወው። የመጀመሪያው ክልከላው ስለሆነ ከ30 ቀን በኋላ እንደገና ማመልከት ይችላል። እስከዚያ ብዙ የታዩትን በአዲስ ምስል ሠርቶ ይጭናል፣ አሮጌዎቹን ያነሳል። የታየበት ሰዓት እንደሚቀንስ ያውቃል፤ የሰረዝከው ቪዲዮ ሰዓት አይቆጠርልህምና። አመመው።

ባለበረዶውን ግንብ ባለፈው ሰሞን ሰረዘው። ፋይሉን ግን ስልኩ ላይ አስቀርቶታል። ጓደኞቹን ያስቅበታል።