ለአቶ እስማማለሁ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በስብሰባ ሰጥተውን በኮሪደር የወሰዱብንን ድጋፍ ይመለከታል

ይድረስ ለተከበሩ አቶ እስማማለሁ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ አነቃነቅዎ ላመስግን። በመሥሪያ ቤታችን እንደ እርስዎ ራሱን የሚነቀንቅ የለም። ሰብሳቢው ሐሳባቸውን ሳይጨርሱ እርስዎ ተስማምተው ጨርሰዋል። አንዳንዴ ምኑን እንደተስማሙበት ራሳቸው ሰብሳቢውም ገና አያውቁትም።

የግዢውን ነገር እናንሳ። እርግጠኛ ነኝ ያስታውሱታል። እኛ ቤት ግዢ በየቀኑ ነው። ጠዋት አንዱ ክፍል ወረቀት አለቀብኝ ይላል። ከሰዓት ሌላው ቶነር ይላል። በማግስቱ ያው ወረቀት የጠየቀው ክፍል የስቴፕለር ሽቦ ረስቼ ነበር ብሎ ይመለሳል። ለእያንዳንዷ ሦስት ፕሮፎርማ ይለቀማል። ሾፌሩ ከቢሮ መርካቶ፣ ከመርካቶ ቢሮ ሲመላለስ ይመሻል። ስለዚህ ማክሰኞ ተሰብስበን ወሰንን፦ የግዢ ጥያቄ በወር ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በ5 እና በ20 ይሰብሰብ፤ ተጠቃሎ ይገዛ። አዲሱን ፎርም ለየክፍሉ ማን ይላክ ሲባል እጅዎን ያወጡት እርስዎ ነዎት። «እንዲያውም ዘግይቷል፣ ድሮ መደረግ የነበረበት ነገር ነው» አሉ። ሰብሳቢው ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ።

ደረጃው ጋ ሳንደርስ ሥራ ጀመሩ።

ለፋይናንስ ሰዎች «ሽያጭ ክፍል ነው ይሄን ያመጣው» አሏቸው። ለሽያጭ ሰዎች «ፋይናንስ ነው አላሠራ ያለን» አሏቸው። ለሾፌሩ ምን እንደነገሩት አልሰማሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሰላምታው ቀዝቅዞብኛል። ትርፍ ሰዓቱን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ ብለውት ሳይሆን አይቀርም።

ፎርሙ ሐሙስ ይላካል ተብሎ ነበር። የተላከው በሳምንቱ አርብ፣ 11፡30 ላይ፣ ሰው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሰርቪስ ሲጠብቅ ነው። ማብራሪያዎ አንድ መስመር ነበር፦ «በተባለው መሠረት ተልኳል።» ለምን እንደተባለ የለም። እስከ መቼ ተሞልቶ እንደሚመለስ የለም። የተያያዘውን ስንከፍተው ደግሞ የድሮው ፎርም ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ «አስቸኳይ» የሚባለው ነገር መጣ። አንዱ ክፍል ወር በገባ በ8 ቶነር ጠየቀ። መልሱ «በ20 ይጠቃለላል» ነበር። እርስዎ ግን «ግድ የለም፣ ለዛሬ አስቸኳይ ብለህ ጻፍበት» አሉት። ደግ ሰው ነዎት። ደግነትዎ በማግስቱ ሕንፃውን አዳረሰ። በ20 ጥያቄ ልንሰበስብ ስንወጣ የሚሰበሰብ አልነበረም። ሁሉም በአስቸኳይ ተገዝቶ አልቋል። ሶፋ ሳይቀር በአስቸኳይ ገብቷል።

በቀጣዩ ስብሰባ ሰብሳቢው «ለምን አልሠራም?» ብለው ጠየቁ። እርስዎ ጉሮሮዎን ጠረግ ጠረግ አደረጉና «እኔ እንኳ ያኔም ትንሽ ስጋት ነበረኝ፤ የቡድኑን መንፈስ ላለመረበሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አሉ። እዚህ ላይ እጅ ነሣሁ። ዕቅዱን የገደሉት እርስዎ፣ ለቅሶ የተቀመጡት እርስዎ፣ ቀድሞ ታይቶኝ ነበር ያሉትም እርስዎ።

በነገራችን ላይ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1944 እ.ኤ.አ.፣ ኦኤስኤስ የሚባለው የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ጠላት በያዛቸው አገሮች ለሚኖሩ ተራ ሰዎች አንድ መመሪያ አዘጋጅቶ ነበር። ፈንጂ ሳይነኩ ሥራን እንዴት ማሽመድመድ እንደሚቻል ያስረዳል። ባለፈው ስብሰባ የተወሰነውን እንደገና አንሱት፣ በቃለ ጉባኤ ቃላት ላይ ተጨቃጨቁ፣ ነገሩን ሁሉ ወደ ኮሚቴ ምሩት ይላል። እነዚያ ሰዎች ይህን የሚያደርጉት ቢያዙ ምን እንደሚጠብቃቸው እያወቁ ነው። እርስዎ ግን በወር ደመወዝ፣ ከነትራንስፖርት አበሉ።

የሚከራከሩልዎት አሉ። «ረስቶ ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» ይሉኛል። ይሆናል ብዬ ጥቂት ታዘብኩ። የሚረሳ ሰው የራሱንም ይረሳል። የእርስዎ መርሳት ግን መርጦ ነው። የውሎ አበል ፎርምዎ አንድ ቀን እንኳ ዘግይቶ አያውቅም። ሥራ የበዛበት ሰው ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ «አልደረሰልኝም፣ ሁለት ቀን ስጡኝ» ይላል። እርስዎን የምንሰማዎት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያውም ፈልገን አግኝተን፣ ጠይቀን።

ቢሆንም አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ ብዬ አልፈርጅዎትም። «አይሆንም» ያለ ሰው እዚህ ቤት ምን እንደሚገጥመው አብረን አይተናል። አምና አንድ ባልደረባችን በስብሰባ መሀል «ይሄ አያዋጣም» አለ። ሰብሳቢው «አንተ ሁልጊዜ አፍራሽ ነህ» አሉት። ክፍሉ ጭጭ አለ። እርስዎ ጥግ ላይ ተቀምጠው ማስታወሻ ሲይዙ ነበር። ምን ይጽፉ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

ስለዚህ አሠራራችንን ልንቀይር ነው። እርስዎም እንደሚስማሙ አልጠራጠርም። መቼ አልተስማሙና።

ከእንግዲህ ከስብሰባው በፊት ጠረጴዛዎ ድረስ እመጣለሁ። ማኪያቶው በእኔ ነው። «ይደግፉታል ወይ?» ብዬ አልጠይቅም፤ ድጋፍዎ ተርፎናል። የምጠይቀው እንዲህ ብዬ ነው፦ «ሦስት ወር አለፈ እንበል። ዕቅዱ ከሽፏል። ምን አከሸፈው?» ዘዴው የእኔ አይደለም። ጋሪ ክላይን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ2007 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል። ጥሩነቱ ማንም ተቃዋሚ አለመባሉ ነው። ዕቅዱ ሞቷል ተብሎ ስለተጀመረ የሚቀረው የአሟሟቱን ምክንያት መናገር ብቻ ነው። ይህን ደግሞ ሁሉም ሰው ይወዳል።

ባለፈው ሳምንት በግዢው ጉዳይ ሞከርኩብዎት። ማኪያቶዎን አማሰሉ፣ አሰብ አደረጉና «የሽያጭ ሰዎች ደንበኛ ድንገት ናሙና ሲጠይቃቸው ሁለት ሳምንት ጠብቅ ሊሉት አይችሉም» አሉ። ልክ ነዎት! ከሰብሳቢው ጀምሮ ማናችንም ያላየነው ቀዳዳ ነው። ያን ማክሰኞ ቢሉት በአምስት ደቂቃ ይደፈን ነበር። አሁን ዕቅዱ ውስጥ አንድ መስመር ገብቷል፦ ለደንበኛ ናሙና ብቻ፣ የክፍሉ ኃላፊ ፈርሞበት፣ ከቀኑ ውጪ መግዛት ይቻላል። ሶፋ ናሙና አይደለም።

ስብሰባው ላይም «ሁላችንም ተስማማን አይደል?» የሚለው ጥያቄ ቀርቷል። ለእሱ ጥያቄ «አዎ» ከማለት ሌላ መልስ ኖሮ አያውቅም። በፋንታው እያንዳንዳችን በየተራ «በእርስዎ በኩል ይሄን ምን ሊያስቸግረው ይችላል?» እንባላለን። ሰብሳቢው የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነው። እሳቸው ቀድመው ከተናገሩ የቀረነው ማስተጋባት ብቻ ይሆናል።

ቃለ ጉባኤውም «ተሰብሳቢዎቹ በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ብሎ አይዘጋም። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ ይጻፋል። ለምሳሌ «አዲሱን ፎርም አቶ እስማማለሁ እስከ ሐሙስ 6 ሰዓት ለሁሉም ክፍሎች ይልካሉ።» ከመነሣታችን በፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። በዚያው ቀን የቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይወጣል። የሁላችንም ሥራ እንዲሁ ይጻፋል። የእርስዎን ብቻ ብንጽፍ «ተነጥዬ ተጠቃሁ» ይላሉ፤ እውነትዎንም ይሆናል።

የኮሪደሩ ሥራዎ ጥቂት ሳይቀዘቅዝ አይቀርም። አንድ ሰው መጥቶ «እሱ ራሱ አላመነበትም እኮ» ቢለኝ አልቆጣም፣ ወሬውንም አላስረዝምም። «ጥሩ፣ ማክሰኞ ራሱ ያስረዳን» እላለሁ። ከዚያ አጀንዳው ላይ ያዩታል፦ «በግዢ ዕቅዱ ላይ ያሉ ስጋቶች፣ አቅራቢ አቶ እስማማለሁ፣ 10 ደቂቃ።» ያቀርባሉ ወይም ይተዉታል። ሁለቱም ይጠቅመናል።

ቀኑ ካለፈ ደግሞ ግሩፕ ላይ አላጋልጥዎትም። ሰው ፊት ያፈረ ሰው የባሰ ድምፁን አጥፍቶ ይሠራል። እርስዎ ከዚህ በላይ ድምፅ ካጠፉ ማን ይሰማዎታል? ለብቻችን ሆነን «ፎርሙ ሐሙስ ይላካል ብለን ነበር። አርብም አልደረሰም። ሁለት ክፍሎች በድሮው ሞልተዋል። ምን ገጠመዎት?» እላለሁ። ከዚያ ዝም ነው። ዝምታው ከባድ ነው፤ ላሳጥረው ብዬ «ምናልባት ሥራ በዝቶብዎት…» ብል ምክንያቱን እኔው አቀበልኩዎት ማለት ነው። «ሆን ብለው ነው» አልልም። ይህን ማስረዳት አልችልም፤ እዚያ ክርክር ውስጥ ከገባን ደግሞ አሸናፊው እርስዎ ነዎት። ሐሙስ ማለፉን ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ነገሩ ሦስተኛ ጊዜ ከደረሰ ቀኖቹንና የተበላሸውን ሥራ በአንድ ገጽ ጽፌ ለኃላፊያችን እወስዳለሁ። ስለ ጠባይዎ አንድ ቃል አይኖርበትም። መጀመሪያ የማሳውቀውም እርስዎን ነው።

ይሄ ሁሉ የማይሠራበት ቤትም አለ። እውነቱን የተናገረ ሰው በስብሰባ ከተቀጣ የፈለገውን ያህል ቃለ ጉባኤ ቢጻፍ ሰው በኮሪደር መቃወሙን አይተውም፤ እኔም ብሆን አልተውም። ስለዚህ የዚህ ደብዳቤ ግማሹ ለእርስዎ፣ ግማሹ ለሰብሳቢው ነው።

የማክሰኞው ስብሰባ በ3 ሰዓት ይጀመራል። «ግን» የሚል ነገር ካለዎት ይዘውት ይግቡ፤ በር ላይ አይፈተሽም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሰብሳቢው፤ «አፍራሽ» የተባለው ባልደረባችን አሁንም ዝም እንዳለ ነው፤ ቢያናግሩት
ለሽያጭ ክፍልና ለፋይናንስ ክፍል፤ ሁለታችሁም አላመጣችሁትም
ለሾፌራችን፤ የትርፍ ሰዓቱ ጉዳይ አጀንዳ ተይዞለታል
ለመዝገብ ቤት፤ የድሮው ፎርም እንዲወገድ፣ በአስቸኳይ